ተልባው ያልሠራው ለምንድን ነው?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ ብሎ ይወርዳል)

የዛሬው ጉዳያችን ሰው ፋርማሲ ደርሶ እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚጠይቀው ነው፤ ሆድ ድርቀት። በመድኃኒት መሸጫ መስኮት ጀርባ ብዙ ዓመት ቆሜያለሁ። ራሱን ያመመው ሰው ገና ከበሩ ጀምሮ ይናገራል። ሆዱ የደረቀበት ግን ወረፋው እስኪቀልል ጥግ ይዞ ይቆይና ጠጋ ብሎ «የሚያለሰልስ ነገር አለ?» ይላል። «የትኛውን?» ስለው ግራ ይገባዋል። እንደሱ አስተሳሰብ የሚያለሰልስ መድኃኒት አንድ ነው፤ የሚለየው ዋጋውና የማሸጊያው ቀለም ብቻ ነው።

ነገሩ እንደዚያ አይደለም። የሆድ ድርቀት መድኃኒቶች አራት ቤተሰብ ናቸው። አንዱ ሰገራን ያገዝፋል፣ አንዱ ውሃ ወደ አንጀት ይስባል፣ አንዱ አንጀትን ቀስቅሶ ያስገፋል፣ አንዱ ደግሞ ሰገራውን ያለሰልሳል ተብሎ ይሰጣል። አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ ምን እንደሚከተል በአንድ ሰው ታሪክ ላሳያችሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት መጣች። ዓይኗ ቀልቷል፣ እንቅልፍ ያጣች ትመስላለች።

«ተቅማጥ የሚያቆም ኪኒን ይስጡኝ» አለችኝ።

«ለማን ነው እህቴ?»

«ለአባቴ። 71 ዓመታቸው ነው። ከትናንት ጀምሮ ያመልጣቸዋል። ሌሊቱን ሙሉ አንሶላ ስቀይር ነው ያደርኩት።»

ኪኒኑ ከኋላዬ መደርደሪያ ላይ ነበር። እጄን ከመዘርጋቴ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ጠየቅኳት፤ «ከትናንት በፊትስ እንዴት ነበሩ?»

«ከዚያ በፊትማ ስምንት ቀን ሙሉ አልወጡም!»

ይህን ስትል እጄን መለስኩ። አባትዬው ከሦስት ሳምንት በፊት ወድቀው የጭናቸው አጥንት ተሰብሮ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸዋል። ለሕመሙ ትራማዶል ታዞላቸው 50 ሚሊ ግራሙን በቀን ሦስት ጊዜ ይወስዳሉ። ቤት ከገቡ ጀምሮ ሆዳቸው ደረቀ። ልጅቷም እናቷ የሚያደርጉትን አደረገች፤ ጠዋት ጠዋት ተልባ በጠበጠችላቸው። አልሠራም። ተልባውን አወፈረችው። አሁንም አልሠራም። ጎረቤት «ለእኔ የታዘዘልኝ ነው» ብላ የሚያለሰልስ እንክብል ሰጠቻት፤ ዶኩሴት የሚባለውን። ሦስት ቀን ዋጡት። ሆዳቸው ተነፋ፣ ምግብ ጠሉ። በመጨረሻ ውሃ የመሰለ ነገር ያመልጣቸው ጀመር።

ያ ተቅማጥ አልነበረም። ትልቁ አንጀት ጫፍ ላይ የደረቀ ሰገራ እንደ ድንጋይ ተወትፎ ሲቀመጥ፣ ከበላዩ ያለው ቀጭን ፈሳሽ በጎንና በጎኑ እየሾለከ ይወጣል። ሰውየው ሳያውቀው ይመጣል፣ መጠኑ ትንሽ ትንሽ ነው፣ ወጥቶም ሆድ ቀለል አይልም። ተቅማጥ የሚያቆመውን ኪኒን ሸጬላት ቢሆን ኖሮ የተዘጋውን የባሰ እዘጋው ነበር። ስለዚህ ቤታችሁ ውስጥ አንድ አዛውንት ብዙ ቀን ደርቆባቸው ቆይቶ ድንገት ቢያስቀምጣቸው፣ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህንን ይሁን።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ተልባው ልመለስ። ይህች ሴት ያደረገችው ሁሉ አንድም ስንፍና የለበትም፤ ተልባም ጥሩ ነገር ነው። ታዲያ ለምን አልሠራም?

ትልቁ አንጀት በቀን አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ፈሳሽ ከትንሹ አንጀት ይቀበላል። ሥራው ውሃውን መጥጦ ወደ ደም መመለስ ነው፤ መጨረሻ ላይ ከሰገራ ጋር የሚወጣው ውሃ ከአንድ ሁለት ስኒ አይበልጥም። ውሃው ሲመጠጥ ሰገራው ደግሞ ወደፊት ይገፋል። አንጀቱ ቶሎ ከገፋ ውሃው ሳይመጠጥ ይወጣል፣ ያስቀምጣል። ቀስ ካለ ደግሞ ሲመጥጥ ይውላል፣ ይደርቃል። አራቱም የመድኃኒት ቤተሰቦች በዚህ በመግፋትና በመምጠጥ መካከል ነው የሚገቡት።

ተልባ ከመጀመሪያው ቤተሰብ ነው፤ ከሚያገዝፉት። ፋርማሲ ውስጥ የሚሸጠው ዘመዱ ሲሊየም ወይም ኢስፓጉላ የሚባለው የአንድ ተክል ዘር ገለባ ነው። የስንዴ ፉሽካም ከዚሁ ወገን ነው። እነዚህ ነገሮች አይፈጩም፤ ውሃ ይዘው ያብጣሉ። የሰገራው መጠን ሲጨምር የአንጀቱ ግድግዳ ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ ደግሞ ጡንቻው በራሱ ተነሥቶ ይገፋል። ተፈጥሯዊው የአንጀት አሠራር ይኸው ስለሆነ ይህ ቤተሰብ ለረጅም ጊዜ ቢወሰድ ችግር የለውም። ግን አይቸኩልም። ከግማሽ ቀን እስከ ሦስት ቀን ይፈጅበታል። ዛሬ ለተጨነቀ ሰው ዛሬውኑ አይደርስም።

አንድ ነገር ቤታችሁ ሞክሩ። ሁለት ብርጭቆ አስቀምጡና በሁለቱም አንድ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ አድርጉ። በአንዱ ላይ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ፣ በሌላው ላይ አንድ የቡና ስኒ ውሃ ብቻ ጨምሩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመለሱ። የመጀመሪያው ዝልግልግ ብሎ ይፈስሳል። ሁለተኛው ግን ወፍሮ ይያያዛል። ሆድ ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። ሲሊየምም ሆነ ተልባ ሲወሰድ በእያንዳንዱ ጊዜ ቢያንስ አንድ ሙሉ ትልቅ ብርጭቆ ውሃ ይፈልጋል። አለበለዚያ የሚያለሰልሰው ነገር ራሱ ይወትፋል፤ ሲብስ ጉሮሮ ላይ ሁሉ ሊያንቅ ይችላል። ለመዋጥ የሚቸገር ሰው አይውሰደው። ወደ መኝታ ሊሄዱ ሲሉ መውሰድም ጥሩ አይደለም። ሌላ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ በመካከላቸው ሁለት ሰዓት ያህል ልዩነት ይኑር፤ ዝልግልጉ መድኃኒቱንም ይዞ ሊቀር ይችላል።

አሁን አባትዬውን አስቡ። እግራቸው ተሰብሯል፤ መጸዳጃ ቤቱ ግቢ ጫፍ ነው፤ መቀመጥና መነሣት ስቃይ ነው። ስለዚህ ምን ያደርጋሉ? ሽንት እንዳያስቸግራቸው ውሃ ይቀንሳሉ። ልጅቷ ተልባውን ባወፈረች ቁጥር እሳቸው ውሃውን ይቀንሳሉ። ይህ አንዱ ችግር ነው።

ዋናው ግን ትራማዶሉ ነው። ትራማዶል፣ ኮዴይን፣ ሞርፊን አንድ ወገን ናቸው። ሕመምን የሚያደነዝዙት በነርቭ ላይ ነው፤ አንጀትም የራሱ ነርቭ አለውና አብሮ ይደነዝዛል። መግፋቱን ይቀንሳል፤ ሰገራው ቆሞ ሲውል ውሃው ይመጠጣል። የሚያገዝፍ ነገር የሚሠራው አንጀቱ ሲለጠጥ ተነሥቶ የሚገፋ ከሆነ ነው። የደነዘዘ አንጀት ቢለጠጥም አይነሣም። ተልባው ገባ፣ አበጠ፣ ገፊ አላገኘም፣ ተከመረ። በሕመም ማስታገሻ ምክንያት ለመጣ ድርቀት ተልባም ሲሊየምም ፉሽካም አይሰጥም የምንለው ለዚህ ነው። በተወተፈ አንጀት ላይም እንደዚሁ።

ጎረቤቷ የሰጠቻቸው እንክብልስ? ዶኩሴት ሥራው እንደ ሳሙና ነው። ሳሙና ውሃና ቅባትን እንደሚያስታርቅ ሁሉ፣ ዶኩሴትም ውሃና ስብ ወደ ደረቀው ሰገራ እንዲዘልቁ ያደርጋል ተብሎ ይታሰባል። በሐሳብ ደረጃ ያምራል። ሲፈተን ግን ብዙም አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ የካናዳ ጥናት 74 የሆስፒስ ሕሙማንን በሁለት ከፍሎ፣ ሁሉም ሰና እየወሰዱ፣ ለአንዱ ወገን ዶኩሴት ለሌላው ደግሞ ባዶ እንክብል ሰጠ። የሚጠቀስ ልዩነት አልታየም። እኔ ዶኩሴትን የምመክረው እምብዛም ነው፤ ሰገራው ገና ያልደረቀ ሆኖ ማማጥ የማይፈቀድለት ሰው ሲሆን ብቻ ነው፤ ለምሳሌ የፊንጢጣ አካባቢ ቀዶ ጥገና የተደረገለት። ስምንት ቀን ለተዘጋ ሰው ዶኩሴት ጊዜ ማባከን ነው። ከዚሁ ጋር አንድ የድሮ መድኃኒት ላንሣ፤ ፈሳሽ ፓራፊን። እሱ ሰገራውን በዘይት ያንሸራትተዋል። አልጋ ላይ ለሚውሉ አዛውንት ግን አትስጡ፤ ጠብታው ወደ ሳንባ ከገባ ሳንባን ያቆስላል። ከዶኩሴት ጋርም አይወሰድም።

(አጭር ሙዚቃ)

እንግዲህ አባትዬው የጎደላቸው ግፊት ነበር። የሚገፉት መድኃኒቶች ሦስተኛው ቤተሰብ ናቸው። በብዛት የምታገኟቸው ቢሳኮዲልና ሰና ናቸው። ሰናን ብዙዎቻችሁ ሰናመኪ በሚለው ስሙ ታውቁታላችሁ። ጉሎ ዘይትም ከዚሁ ወገን ነው።

ሰና ሲዋጥ ምንም አያደርግም። ትልቁ አንጀት ደርሶ እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ሲሰባብሩት ነው የሚነቃው። ቢሳኮዲልም ሥራውን የሚጀምረው እዚያው ነው። ሁለቱም የአንጀቱን ነርቭ ይቀሰቅሳሉ፣ ጡንቻው እንዲገፋ ያደርጋሉ፣ የውሃውንም መመጠጥ ይቀንሳሉ። ይህ ሁሉ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። ስለዚህ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ የዋጠ ሰው ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጠራዋል። መኝታ ላይ የሚወሰደው ለዚህ ነው። ጠዋት ውጠው ሥራ የሄዱ ሰዎች ምን እንደገጠማቸው አጫውተውኛል፤ በሬዲዮ የሚነገር አይደለም።

የቢሳኮዲል ኪኒን 5 ሚሊ ግራም ነው፤ ላዩ በሽፋን ተለብጧል። ሽፋኑ ጨጓራ ውስጥ እንዳይሟሟ ነው የተደረገው። ስለዚህ አታድቅቁት፣ አታኝኩት። ከወተት ጋር፣ ወይም ለጨጓራ ቃር ከሚወሰደው ነጭ ሽሮፕ ጋር ቢያንስ በአንድ ሰዓት ልዩነት ካልሆነ አይወሰድም። እነዚያ የጨጓራውን አሲድ ስለሚያበርዱ ሽፋኑ ያለቦታው ይሟሟል፤ ከዚያ በኋላ ሆድ ቁርጠት ነው። «ቢሳኮዲል አይስማማኝም» ከሚሉኝ ሰዎች መካከል ስንቱ በወተት እንደዋጠው ብትሰሙ ትገረማላችሁ። ሰና የሚወስድ ሰው ደግሞ ሽንቱ ወደ ቡናማ ወይም ወደ ቀይ ቢያደላ ከመድኃኒቱ ነው፤ አይደንግጥ።

«አንጀት ይለምደዋል፣ ሰነፍ ያደርገዋል» የሚል ወሬ አለ። በታዘዘው መጠን እስከተወሰደ ድረስ ሰናም ሆነ ቢሳኮዲል አንጀትን ያበላሻል የሚለው በጠንካራ ማስረጃ የተደገፈ አይደለም። ሰና ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው አንጀቱ በመሣሪያ ሲታይ ጥቁር ቡናማ መስሎ ሊገኝ ይችላል፤ መድኃኒቱ ሲቆም ቀለሙ ቀስ በቀስ ይለቃል። እኔን የሚያሰጋኝ ሌላ ነገር ነው። አንጀት አንድ ጊዜ ጠርጎ ከወጣ በኋላ እንደገና እስኪሞላ ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። ሰዎች ግን በማግሥቱ ካልወጡ «ይኸው ደግሞ ደረቀብኝ» ብለው እንደገና ይውጣሉ። ባዶ ቤት ይጠርጋሉ ማለት ነው። እንዲህ እያለ ዓመት ያልፋል። ለመሆኑ በቀን ሦስት ጊዜ መውጣትም፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ መውጣትም፣ ሳያስምጥና ሳያሠቃይ እስከሆነ ድረስ ጤናማ ነው። በየቀኑ ካልወጣሁ ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም።

ጉሎ ዘይትን በአጭሩ ልለፈው። ትንሹ አንጀት ውስጥ ተሰባብሮ በሁለት ሰዓትም በስድስት ሰዓትም ድንገት ያጣድፋል፤ ቁርጠቱ ከባድ ነው፤ ውሃና ጨው ያሳጣል። ማህፀንንም ሊያኮማትር ስለሚችል ነፍሰ ጡር ሴት በቤቷ አትጠጣው። ዛሬ ከእሱ የተሻለ ስላለ እኔ አልመርጠውም።

(አጭር ሙዚቃ)

የቀረው ቤተሰብ ውሃ የሚስበው ነው። ጨው የተነሰነሰበት ቲማቲም ውሃ እንደሚያወጣ አይታችኋል። እነዚህም አንጀት ውስጥ ሆነው ውሃውን ከግድግዳው ወዲህ ይስባሉ፣ ወይም የገባውን እንዳይመጠጥ ይዘው ያቆያሉ። ውሃው ሰገራውን ያርሳል፤ በዝቶም አንጀቱን ይለጥጠዋል።

እኛ ዘንድ በሽሮፕ መልክ የሚታወቀው ላክቱሎዝ ነው። ላክቱሎዝ ስኳር ነው፤ ግን ሰውነታችን የሚሰባብርበት መሣሪያ የለውም። ሳይነካ ትልቁ አንጀት ይደርስና እዚያ ባክቴሪያዎቹ ያብላሉታል። ሲብላላ አሲድ ይወጣል፣ ውሃ ይከተላል፣ አየርም ይፈጠራል። ሽሮ በልተው ሆዳቸው የሚነፋ ሰዎች ላክቱሎዝንም በመጀመሪያዎቹ ቀናት አይወዱትም። ሌላው ማክሮጎል ነው፤ ፖሊኢትሊን ግላይኮል ይሉታል፤ ዱቄት ነው። 17 ግራሙ በአንድ ትልቅ ብርጭቆ ውሃ ይበጠበጥና ይጠጣል። እሱ አይብላላም፣ ስለዚህ ብዙም አይነፋም። የተበጠበጠበትን ውሃ ይዞ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። ከተገኘ እኔ ማክሮጎልን አስቀድማለሁ። ሁለቱም ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይፈልጋሉ፤ ለረጅም ጊዜም ይወሰዳሉ።

ከዚሁ ወገን ፈጣኑ ማግኒዥየም ነው። ነጩ የማግኒዥያ ሽሮፕ ከግማሽ ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ውስጥ ይሠራል። ግን ከማግኒዥየሙ የተወሰነው ወደ ደም ይገባል፤ የሚያወጣው ኩላሊት ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ከወሰደው ደሙ ውስጥ ይጠራቀምና ጡንቻን ያዝላል፣ የልብ ምትንም ያዛባል። ስኳርና የደም ግፊት ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ኩላሊታቸው መድከሙን ሳያውቁ ይቆያሉ። ለዚህ ነው ማግኒዥያ የሚጠይቁኝን አዛውንት ስለ ኩላሊታቸው ሳልጠይቅ የማልሰጣቸው።

አሁን የኛ አባትስ ምን ሆኑ? ልጅቷን ሦስት ነገር ጠየቅኳት። «አባባ ያስታውካቸዋል?» «የለም።» «ሆዳቸው ተወጥሮ በጣም ያማቸዋል?» «ይነፋል እንጂ እንደዚያ አይደለም።» «አየር ይወጣል?» አፈረች፤ «አዎ፣ ይወጣል» አለች። ይህ መልካም ነበር። ከሦስቱ አንዱ ቢኖር፣ ማለትም ቢያስታውካቸው፣ ሆዳቸው ተወጥሮ ቢያማቸው ወይም አየር ቢከለከል፣ አንጀት ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል የምልከው በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። እንዲህ ላለ ሰው ምንም የሚያለሰልስ መድኃኒት በቤት አይሰጥም። ድንገት ሆዱን አጥብቆ ለያዘው ሰውም እንደዚሁ፤ ትርፍ አንጀት ሊሆን ይችላል።

ኪኒን ሳልሸጥላት በአቅራቢያዋ ወዳለ ጤና ጣቢያ ላክኋት። እዚያ ሐኪሙ ጓንት አጥልቆ በጣቱ መረመራቸው፤ የተጠረጠረው ተገኘ። መጀመሪያ የተደረገው ከታች መክፈት ነው። ሰገራው ተወትፎ እያለ ከላይ የሚገፋ መድኃኒት መስጠት በተዘጋ በር ላይ ሰው እንደ መግፋት ነው፤ ቁርጠቱን ማባባስ ነው። ግሊሰሪን የተባለው በፊንጢጣ የሚገባ ጥይት የመሰለ መድኃኒት ገባላቸው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ትንሽ ወጣ። ቀጥሎ በፊንጢጣ የሚሰጥ ፈሳሽ ተሰጣቸው፤ ያን ጊዜ ዋናው መጣ። ልጅቷ በኋላ ስትነግረኝ «አባባ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ» ነበር ያለችኝ።

ያ ፈሳሽ ብዙ ዓይነት አለው። ሶዲየም ፎስፌት ያለበትን በራሳችሁ ገዝታችሁ በአንድ ቀን ሁለቴ አትስጡ፤ በተለይ አዛውንትና ኩላሊት ላይ ሕመም ያለበት ሰው ላይ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2014 በ24 ሰዓት ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይወሰድ ያስጠነቀቀበት ነው።

ከተከፈተ በኋላ ሁለት ቤተሰብ ተጣምሮ ታዘዘላቸው። ላክቱሎዝ 15 ሚሊ ሊትር ጠዋትና ማታ፣ ማለትም አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል፤ ማታ ደግሞ አንድ የቢሳኮዲል ኪኒን። አንዱ ያርሳል፣ አንዱ ይገፋል። ተልባው ለጊዜው ቆመ። የመጀመሪያው ቀን ምንም አልነበረም። ሁለተኛው ቀን ነፋቸው፤ ልጅቷ ደወለችልኝ፣ «ይቆይ» አልኳት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ቁርስ በልተው ሻይ ሲጠጡ ጠራቸው። ይህ ሰዓት በአጋጣሚ አይደለም። ጨጓራ ምግብ ሲያገኝ ትልቁ አንጀት ይነሣል፤ ጠዋት ላይ ደግሞ ብርታቱ የበለጠ ነው። ለአባትዬው ከቁርስ በኋላ ሩብ ሰዓት ያለ ጥድፊያ እንዲቀመጡ ነገርኳት። አልጋቸው አጠገብ ወንበር ላይ የሚገጠም መቀመጫ ተገዛላቸው፤ እሱ ሲመጣ ውሃ መጠጣትም ጀመሩ። ግቢ ጫፍ መሄድ ቀረላቸዋ።

ሁለቱን መድኃኒቶች እስከ መቼ? ትራማዶሉ እስካለ ድረስ። ሰውነት ለትራማዶል ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ቶሎ ይለምዳል፤ ለሆድ ድርቀቱ ግን አይለምድም። ትራማዶሉ ከቆመ በኋላ ቢሳኮዲሉ በመጀመሪያ፣ ላክቱሎዙ በቀጣዩ ሳምንት ቆመ። ተልባው ያን ጊዜ ተመለሰ፤ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ።

(አጭር ሙዚቃ)

በቀረችን ጊዜ በብዛት የምጠየቃቸውን ሁለት ሦስት ነገሮች ላንሣ። ነፍሰ ጡር ሆና የብረት ኪኒን ስትውጥ የደረቀባት ሴት ኪኒኑን በራሷ አታቋርጥ። ለእሷ ተልባው ወይም ሲሊየሙ ከውሃ ጋር ጥሩ ጅምር ነው፤ ካልበቃ ላክቱሎዝ ይጨመራል።

ጿሚዎች ደግሞ ሌላ ጥያቄ አላቸው። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ሳይበላ ሳይጠጣ የሚቆይ፣ ወይም በረመዳን እስከ ማታ የሚጾም ሰው፣ የሚያገዝፈውን ነገር ከጾም መፍቻ በኋላ ይውሰድ፤ ከዚያ በኋላ ተከታታይ ውሃ የሚጠጣበት ሰዓት እንዲኖረው። ረመዳን የሚጾም ሰው ለሱሑር ዋጥ አድርጎ ቀኑን ሙሉ ያለ ውሃ የሚውል ከሆነ፣ ቅድም ያያችሁትን ሁለተኛውን ብርጭቆ ሆዱ ውስጥ ይዞ ይውላል።

ሦስተኛው የማቅጠኛ ሻይ ነው። በተለያየ ስም፣ በሚያማምር ሣጥን ይሸጣል፤ ከዓረብ አገር ዘመድ የሚልክልንም አለ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ሰና ነው። ሰና የሚሠራው ትልቁ አንጀት ላይ ነው፤ ምግቡ ደግሞ የሚመጠጠው ከዚያ በፊት፣ ትንሹ አንጀት ላይ ነው። እንጀራው ወደ ደም ከገባ በኋላ ነው ሻዩ የሚደርሰው። ሚዛን ላይ የምታዩት ቅናሽ ውሃ ነው። ከውሃው ጋር ፖታሲየም ይወጣል፤ በየቀኑ ሲጠጣ ጡንቻ ይዝላል፣ ልብ ይመታል። ልባቸው እየመታ «ደም ግፊቴን ለኩልኝ» ብለው የመጡ ወጣት ሴቶች አጋጥመውኛል። ሣጥኑን አስመጥቼ ሳነበው ሰና ነው።

ደግሞም በመድኃኒት የማይታለፍ ድርቀት አለ። ሰገራ ላይ ደም ካያችሁ፣ ሳታስቡት ከከሳችሁ፣ ደም ማነስ ካለባችሁ፣ ወይም ዕድሜያችሁ 50 ካለፈ በኋላ የአንጀታችሁ ልማድ ያለ ምክንያት ከተለወጠ፣ ፋርማሲ ሳይሆን ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ለዛሬ አንድ ልመና አለኝ። እናንተ ወይም የምታስታምሙት ሰው ትራማዶል፣ ኮዴይን ወይም ሞርፊን ሲታዘዝላችሁ፣ ከመድኃኒት መስኮቱ ሳትርቁ «ለሆድ ድርቀቱስ ምን ልውሰድ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚገፋ ወይም ውሃ የሚስብ መድኃኒት ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ሊሰጣችሁ ይገባል።

(መዝጊያ ሙዚቃ)